በደበዘዘው ረድፍ ላይ ያለው ገብስ

ወይዘሮ አማረች ከንፋስ መውጫ ከተማ ዳር ወዳለው ዘር ባንክ የመጡት ገብሳቸውን ሊጠይቁ ነው። ብድር አልጠየቁም፤ ማዳበሪያም አልጠየቁም። ከጦርነቱ በፊት አምሳሉ ለተባለ የሰብል ተመራማሪ በቁና ሰፍረው የሰጡትን፣ እናታቸውም አያታቸውም ሲዘሩት የኖሩትን ገብስ ነው የጠየቁት። ቸኩሌ ይሉታል። በሰኔ መግቢያ ተዘርቶ በፍልሰታ ጾም ያዘረዝራል፤ መስከረም ሳይጋመስም ይታጨዳል። የጎረቤት ገብስ ገና ቅጠል በሆነበት፣ ጎታው ተጠርጎ ልጆች የእናታቸውን እጅ በሚያዩበት ሰሞን እሳቸው ቤት እሸት ይጠበስ ነበር። የጥቅምት ውርጭም ሲመጣ የሚያገኘው ቃርሚያውን ብቻ ነው።

ጦርነቱ ጎታቸውን ባዶ አደረገው። ለዘር የተቀመጠው ሳይቀር ተበላ። ከዚያ ወዲህ የሚዘሩት ከገበያ የተሸመተ ገብስ ነው። ዘግይቶ ይደርሳል፤ ውርጭ ይቀድመዋል። ሁለት ዓመት ገለባ አጨዱ። በሦስተኛው ዓመት አንድ ሰው የአምሳሉ ከረጢቶች ዘር ባንኩ ውስጥ እንዳሉ ነገራቸውና በእግራቸው መጡ።

ከረጢቶቹ በእርግጥ ነበሩ። ተመራማሪው ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ገበሬዎች የሰበሰባቸው የገብስ ዓይነቶች በትንንሽ የጨርቅ ከረጢት ተቋጥረው በመደርደሪያው ላይ ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ላይ በማይለቅ ቀለም ቁጥር ተጽፏል። ስም ግን የለም። ማን የሰጠው እንደሆነ የሚያውቅ ሰው እንዳያዳላ ተብሎ፣ ለሙከራ የሚዘራ ዘር ስሙ ተደብቆ ቁጥር ይሰጠዋል። ይህ የሠለጠነ አሠራር ነው፤ ቁጥሩን ከስሙ ጋር የሚያያይዘው ወረቀት እስካለ ድረስ። ወረቀቱ ተቃጠለ። ኮምፒውተሩ ተወሰደ። አምሳሉ ራሱ በዚያው ዓመት ሞተ።

የዘር ባንኩ ባለሙያ ዳግማዊት ትባላለች። ወይዘሮ አማረችን አስቀምጣ ከረጢቶቹን አንድ በአንድ ፈታች። ጥቁሩንና ቀዩን ወዲያው ለዩ፤ የእሳቸው ነጭ ነው። ከነጮቹ መካከል ግን እጃቸው ቆመ። እህሉ አርጅቷል፣ አቧራ ለብሷል፣ ነቀዝ በስቶታል። በመዳፋቸው አሽተው እፍ አሉበትና መልሰው ወደ ከረጢቱ አፈሰሱት።

«ልጄ፣ እኔ ቸኩሌን የማውቀው ቆሞ ነው። እንዲህ ከረጢት ውስጥ ተኝቶ ሳየው ሁሉም ገብስ ነው» አሉ።

ዳግማዊት ከሳምንት በኋላ ተመለሱ አለቻቸው። አምሳሉ ከመሞቱ በፊት በኢንተርኔት ትምህርታዊ ገለጻ እንደሰጠ ታውቃለች። ገለጻውን ከተከታተሉት አንዱ፣ ጌታነህ የሚባል ሰው፣ ደብረ ታቦር እንደሚኖርም ታውቃለች። ጌታነህ ቪዲዮው ስልኩ ውስጥ ነበረውና ላከላት። ዋናው ቅጂ ግን ከተቀመጠበት ተሰርዟል። የእሱም ከሰው ወደ ሰው በመልእክት የተላለፈ ነው፤ በተላለፈ ቁጥር ለመረጃ ክፍያ እንዲያንስ ተጨምቋል፣ በተጨመቀ ቁጥርም ከምስሉ ተቆርሷል። በመጨረሻ የደረሳት፣ ሰው የሚመስል ጥላ ከአንድ ማዕዘን የሚናገርበት፣ የቀረው ስፍራ ግን ጭጋግ የሆነ ነገር ነው።

ሠንጠረዡ በገለጻው መካከል ይመጣል። እዚህ ላይ ሞቶ እንኳ ቢሆን አምሳሉን አልምረውም። ዕድሜውን በሙሉ የለፋበትን ሥራ በአንድ ገጽ አጭቆ፣ ከሃያ በላይ ረድፍ በጉንዳን እግር በሚያህል የእንግሊዝኛ ፊደል ደርድሮ፣ በኮምፒውተሩ ቀስት ወደ አንዱ ረድፍ እየጠቆመ «እንደምታዩት ይህኛው ከሁሉም ቀድሞ ከሚደርሱት አንዱ ነው» ይላል። ማን ነው የሚያየው? ቁጥሩን በአፉ ቢጠራው ምን ይጎዳ ነበር? ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ቃል በቃል መጻፍ ይቻላል። ተማርን ያልን ሰዎች ግን የሚነበበውን አንናገርም፣ የምንናገረውንም አናስነብብም። ገጹን ያሳየንበት ጊዜ ውኃ ለመጠጣት አይበቃም፤ ከዚያ «ወደሚቀጥለው» ይባላል።

ዳግማዊት ሥራዋን አወቀችበት። በስልክ ላይ የቆመውን ምስል በሌላ ስልክ አላነሳችም፤ ያ በደበዘዘ ላይ ሌላ ድብዘዛ መጨመር ነው። ቪዲዮውን ወደ ላፕቶፕ አምጥታ ፍሬም በፍሬም፣ ማለትም የተሠራበትን ነጠላ ምስል አንድ በአንድ እየገፋች፣ ከማጫወቻው ራሱ ምስሉን አስቀመጠች። ገጹ እንደተቀየረ የሚታየው ፍሬም ከሁሉም የከፋ ነው፤ ያለፈው ገጽ ትርፍራፊ ይቀርበታል። ገጹ ሳይንቀሳቀስ ሲቆይ ግን ምስሉ ትንሽ ትንሽ ይጠራል። ስለዚህ ከመቀየሩ በፊት ያለውን የመጨረሻውን ፍሬም፣ ቀስቱም ከረድፉ ላይ የተነሳበትን መረጠች። አስፍታ አየችው። ማስፋት ያለውን ትልቅ ያደርጋል እንጂ የሌለውን አይጨምርም፤ ትንሹ ጭጋግ ትልቅ ጭጋግ ሆነ። ብዙ ፍሬሞችን በላይ በላይ ደርባ አማካያቸውን ወሰደች። የሚንቀጠቀጠው ነጠብጣብ ረገበ፤ ፊደሉ ግን ያው ነው። በቆመ ገጽ ላይ አንዱ ፍሬም የሌላው ግልባጭ ስለሆነ መቶውም አንድ ምስክር ናቸው።

ስሞቹን ግን አነበበቻቸው። ቃል በቅርጹ ይታወቃል፤ ርዝመቱ፣ ከፍ የሚለውና ወደ ታች የሚወርደው ፊደል ምልክት ይሰጣል። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ እስቴ አጭር ነው፣ ጋይንት ወደ ታች የሚጎተት ጭራ አለው። የገበሬዎቹንም ስም በየአካባቢው የሚታወቁ ሰዎች ስለሆኑ ለየችው። ቀስቱ ያረፈበት ረድፍ ላይ አማረች፣ ጋይንት የሚል ነበር። በዚህ አልተጠራጠረችም።

ቁጥር ግን እንደ ቃል አይደለም። ጎረቤት የለውም። አንዱ አኃዝ ስለሌላው አይመሰክርም። አንድ፣ አራትና ሰባት ቀጥ ያለ መስመር ስላላቸው በጭጋግም ይለያሉ፤ ክብ ያለባቸው ግን ሁሉም አንድ ጠብታ ይሆናሉ። ዳግማዊት በማስወገድ ሄደች። እያንዳንዱ ቁጥር በሠንጠረዡ አንድ ጊዜ ብቻ ይገኛል፤ እንግዲህ በአንድ ረድፍ በእርግጠኝነት የተነበበው ከሌላው ይወጣል። እንዲህ እያጣራች ቆይታ ሁለት ረድፍና ሁለት ቁጥር ብቻ ቀሩ። የአማረች ረድፍና የአንድ የእስቴ ገበሬ ረድፍ። አሥራ ስድስትና አሥራ ስምንት። አንዱ የአንዷ ከሆነ ሌላው የሌላው ነው። ከዚያ ወዲያ ምስሉ የሚሰጠው አልነበረም። የስድስት ቀዳዳና የስምንት ቀዳዳ በዚያ ጭጋግ ውስጥ ተመሳሳይ ግራጫ ነጥብ ናቸው።

ሁለቱንም ከረጢት አወረደች። ሁለቱም ነጭ ገብስ ናቸው። ከእያንዳንዱ ጥቂት ፍሬ ቆጥራ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለች። የአሥራ ስምንት አብዛኛው በቀለ። የአሥራ ስድስት ግማሹም አልበቀለም፤ ቢሆንም አልሞተም። ሠንጠረዡን በንጹሕ ወረቀት ገልብጣ ያነበበችውን ጻፈች፤ በሁለቱ ቦታ ላይ ግን «አይነበብም፤ ፲፮ ወይም ፲፰» ብላ አሰፈረች። ከሥሩም ሁለቱም ከረጢቶች በወይዘሮ አማረች መሬት ላይ ለየብቻ ይዘሩ፣ ነሐሴ ላይ ገብሱ ራሱ ይነግረናል ብላ ሐሳብ ጨመረች።

ይህን ስማቸው ወደሚባለው የዘር ባንኩ ኃላፊ ወሰደች። ስማቸው ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን በቀለለ። ሪፖርት የሚወድ ሰው ነው። ወረቀቱን አየና ጣቱን «አይነበብም» ላይ አሳረፈ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«አይነበብም ማለት ነው።»

«እሱን አነበብኩት» አለ ሳይስቅ። «ሠንጠረዥ ውስጥ እንዲህ አይባልም። ባዶ ቦታ ያለው ሰነድ ወደ ዞን አይሄድም። በሐምሌ ከዞን ጉብኝት አለብን።»

ስልኩን አወጣ። ምስል የሚያጠራ መተግበሪያ ጭኗል። የሠንጠረዡን ፎቶ ከላፕቶፗ ላይ አንስቶ ለመተግበሪያው ሰጠው። ጥቂት ቆይቶ ስልኩ ያወጣው ሠንጠረዥ ከማተሚያ ቤት የወጣ ይመስል ነበር። መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ፊደሉ የጠቆረ፣ አኃዙ የተቀረጸ። በአማረች ረድፍ አሥራ ስምንት ይላል።

ዳግማዊት መተግበሪያው እንደማያነብ፣ እንደሚገምት ልታስረዳው ሞከረች። እንዲህ ያለው ነገር ከዚህ በፊት ካያቸው እልፍ ምስሎች ተነስቶ በዚህ ጠብታ ቦታ የትኛው አኃዝ ሊኖር ይችል እንደነበር ይስላል፤ ቪዲዮው የጣለውን ከየትም ሊያመጣው አይችልም። እሷ ስትጠራጠር ጥርጣሬዋ ይታያል፤ መተግበሪያው ሲገምት ግምቱ ከእርግጠኛው ጋር በአንድ ቀለም ይጻፋል። ቃል ብቻ አልበቃትም። ያንኑ ምስል ጠርዙን በትንሹ ቆርጣ በራሱ ስልክ ደግማ ሰጠችው። አሁን ደግሞ በዚያው ረድፍ አሥራ ስድስት አወጣ። እስቴንም በእንግሊዝኛ ትርጉም የሌለው ሌላ ቃል አደረጋት።

ስማቸው ሁለቱን እያፈራረቀ አየ። «ሁለተኛው ላይ ደክሞት ይሆናል» አለ። ቀልዱ ለራሱ ጣመው። ከዚያ አሥራ ስምንት ይሻላል፣ እሱ በደንብ ስለበቀለ ለገበሬዋም ይጠቅማል፣ ደግሞ መጀመሪያ የወጣው እሱ ነው አለ።

«ስለበቀለ የሳቸው አይሆንም፣ ጋሼ» አለች ዳግማዊት። «ሁለቱንም እንስጣቸው። እፍኝ ዘር ነው። መሬቱ የሳቸው ነው። ምን ያስቸግራል?»

የሚያስቸግረውን ነገራት። ለአንድ ስም አንድ ቁጥር ነው። አሥራ ስድስት በሠንጠረዡ መሠረት የእስቴው ሰውዬ ነው፤ የሱን ዘር ለጋይንት ሴት ሰጠን ብለን እንዴት እንጽፋለን? የእስቴው ገበሬ ግን አገር ለቅቆ ከሄደ ቆይቷል፣ ጠያቂም የለውም። ዳግማዊት ይህንንም አለች። ስማቸው፣ ያም ቢሆን ባለቤት ነው አላት። አየህልኝ አንባቢ፣ በሌለ ሰው ስም ያለች ሴት ተከለከለች። ሥርዓት የሚሉት ይህን ነው። ሥርዓት ስንፍና ላይ የተደረበ ካባ ነው፤ ካባውን ገልጠህ ብታይ ውስጡ «አላውቅም» ማለት የሚያሳፍረው ሰው ቁጭ ብሏል።

ጥርት ያለው ሠንጠረዥ ታተመ። ማኅተም ተመታበት። ማኅተሙ ሲያርፍ የሁለቱ ረድፎች ጥርጣሬ አለቀ፤ በዚያች አገር ማኅተም የተመታበትን ወረቀት በዓይን አይቶ የሚጠራጠር የለም፣ ማኅተሙን ነው የሚያዩት። የዳግማዊት ወረቀት የት እንደገባ አልታወቀም። ከአሥራ ስድስት አንድ እፍኝ ወስዳ እናቷ ጓሮ ልትዘራ ጠየቀች። ከጉብኝቱ በኋላ አላት። ቁልፉ እሱ ጋ ነበር። ልትለምነው ትችል ነበር፣ ልትጮህበት ትችል ነበር፣ ልትሰርቀውም ትችል ነበር። ጠበቀች።

ወይዘሮ አማረች ሲመለሱ አሥራ ስምንትን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። ዳግማዊት እውነቱን ነገረቻቸው፤ የሳቸው ሊሆንም የአንድ የእስቴ ገበሬ ሊሆንም ይችላል አለቻቸው። እሳቸው ግን ማኅተሙን አይተዋል፤ ኃላፊውም በአደባባይ አንብቦላቸዋል።

«ቢሮው ካለ ነው፤ አንቺ ልጅ ስለሆንሽ ትፈሪያለሽ» አሉ። ግንባሯን ሳሟትና ሄዱ።

ከቤታቸው በታች ያለችውን፣ ፍግ የጠገበችውን ማሳ ሦስቴ አረሷት። ለሰው ሁሉ ተናገሩ። ጎረቤቶቻቸው ለከርሞው ዘር እንዲያካፍሏቸው ከወዲሁ ተመዘገቡ፤ አንዷ ቡቃያውን ከዶሮ እጠብቃለሁ ብላ ልጇን መደበች። በቀለ። ጥሩ በቀለ። ሐምሌን ሙሉ እየወጡ ያዩታል፤ ቅጠሉ ሰፊ፣ አረንጓዴው ዓይን የሚሞላ። የተሸመተ ገብስ የዘሩ ሰዎች ሲያልፉ ቆም እያሉ ያደንቁ ነበር።

በዚያው ሐምሌ ጉብኝቱ ሆነ። አዲስ ለሚመጣው የተሻሻለ ስንዴ ዘር መደርደሪያ ያስፈልግ ስለነበር ጠያቂ የሌላቸው ከረጢቶች ወረዱ። መድኃኒት ያልነካው ንጹሕ ገብስ መጣል ነውር ነው ተባለና አንድ ላይ ተቀላቅሎ ታጠበ፣ ተቆላ። እንግዶቹ በሳህን በሳህን ቆሎ ቀረበላቸው። ዳግማዊት ያን ቀን ለመስክ ሥራ ስማዳ ወገዳ ተልካ ነበር። ስትመለስ መደርደሪያው በስንዴ ተሞልቷል። የአሥራ ስድስት ከረጢት ተገልብጦ ለማጽጃ ጨርቅነት ተቀምጦ አገኘችው፤ ቁጥሩ አሁንም ጥርት ብሎ ይነበባል።

ወይዘሮ አማረች የመጡት ፍልሰታ ሊፈታ ሲል ነው። ከነሥሩ የተነቀለ አንድ እፍኝ ገብስ ይዘዋል። በዝናብ ርሰው ነበር፤ እንቀመጥ ብትላቸው አልተቀመጡም። አንዱን አገዳ ለዳግማዊት ሰጧት። ቅጠሉን ከታች ወደ ላይ ገላለጠችው፤ ዘለላ የለም። ሆዱ እንኳ አልተነፋም። ቅጠል ብቻ ነው።

«ቸኩሌ አሁን ጺሙ ወጥቶ አንገቱን የሚደፋበት ነው» አሉ። «ይሄ ገና ሣር ነው፣ ልጄ። ይሄ የእስቴው ሰውዬ ገብስ ነው።»

ዳግማዊት አገዳውን እንደያዘች ወደ መደርደሪያው አየች።

«በይ እንግዲህ፣ ያኛውን ስጪኝ። መሬቱ አለ። ዘንድሮ ባይሆን ለከርሞ እዘራዋለሁ።»

የሆነውን ነገረቻቸው። ቆሎ እንደሆነ ነገረቻቸው። ለማለሳለስ አልሞከረችም፤ ማለሳለስ የሚቻልም አልነበረም። ሴትዮዋ እንግዶቹን ጣፈጣቸው ወይ ብለው ጠየቁ። አላሾፉም፤ ማወቅ ፈልገው ነው። ቸኩሌ ለቆሎ የሚመች ገብስ ነውና፣ ልጣጩ ስስ ነው። ዳግማዊት አልነበርኩም አለች።

ስማቸው ድምፅ ሰምቶ ወጣ። ዳግማዊት አገዳውን አሳየችው፤ ሠንጠረዡ መታረም አለበት አለችው። አገዳውን ተቀብሎ እንደ ባለሙያ አገላበጠው። ሠንጠረዡ ለዞን ተልኳል፣ ዞንም ተቀብሎታል አለ። የዘገየው በዝናቡ ብዛት ሊሆን ይችላል አለ። በዚህ ዓመት ሁሉም ነገር ዘግይቷል አለ። እርማት የሚጠየቀው በማስረጃ ነው፤ ሣር ማስረጃ አይሆንም፤ ዋናው ቪዲዮ ከተገኘና ቁጥሩ በግልጽ ከታየ ያን ጊዜ እናያለን አለ። ዳግማዊት ምን እንደሚታይ አልጠየቀችውም። ቁጥሩ ቢነበብስ የሚሰጠው የተበላ ገብስ ስም ነው።

መስከረም አለፈ። በወይዘሮ አማረች ቤት ያን መስከረም እሸት አልተጠበሰም። ጎረቤቶቻቸው አልተቆጧቸውም፤ ስለ ዘሩ ማንሳት ብቻ አቆሙ፤ ይህም ከቁጣ ይከፋል። ገብሱ በመስከረም ማብቂያ አዘረዘረ። በጥቅምት ውርጩ ሁለት ሌሊት መጣ። ወደ ወንዙ ያለው ግማሹ ነጥቶ ቀረ፤ ከቤት ጥግ ያለው ግን ጭስና ግንብ ጋርዶት ተረፈና በኅዳር ታጨደ። የወጣው ዘር ከሰጧቸው እምብዛም አይበልጥም።

ዘር ባንኩ ዘር የሚሰጠው አበድሮ ነው። የወሰደ ሰው ሲያጭድ ከወሰደው ጨምሮ ይመልሳል፤ እንዲህ ነው መደርደሪያው የሚሞላው። በታኅሣሥ ስማቸው መልእክት ላከባቸው። ወይዘሮ አማረች አልተከራከሩም። በቤታቸው ጥግ ከውርጭ ያመለጠውን ገብስ አበጥረው በአቁማዳ አምጥተው ሚዛን ላይ አስቀመጡት፤ ጥቂት ጎደለ፤ ስማቸው ለጎደለው ቸር ሆነላቸው።

መለያውን የምትጽፈው ዳግማዊት ናት። ስሙን ባዶ ትታ አመጣችለት። ስማቸው ማኅተም ያለበትን ሠንጠረዥ ከግድግዳው አውርዶ፣ ጣቱን በረድፉ ላይ አስሂዶ አሳያት፤ ጥርት ያለ ነው፣ ሕፃን ያነበዋል። እሷም ጻፈች። ቸኩሌ፣ ጋይንት፣ ቀድሞ የሚደርስ፤ ውርጭ ለሚያሰጋቸው ቀበሌዎች የሚመከር። ከረጢቱ መደርደሪያው ላይ ወጣ። ለሚቀጥለው ሰኔ ከስማዳ ደጋ ሁለት ገበሬዎች ተመዝግበውበታል።